ስልጤና ጉራጌን በመልክ መለየት ይቻላል?

ታክሲ ውስጥ ወይ ካፌ ቁጭ ብላችሁ «መልክህ የእነ እንትና አገር ሰው ይመስላል» ተብላችሁ ታውቃላችሁ? እኛ ተብለናል። ብዙ ጊዜ ግምቱ ስህተት ነው። ግን ጥያቄው አንድ ቁም ነገር አለው፦ መልክ ካልለየን፣ አንድን ሕዝብ ከጎረቤቱ የሚለየው ምንድን ነው?

ለዚህ ጥያቄ አገራችን ውስጥ በድምፅ የተሰጠ መልስ አለ። በ1993 ዓ.ም. የስልጤ ሕዝብ ለሕዝበ ውሳኔ ወጣ። ጥያቄው ምርጫ ላይ እንደምናውቀው «ማን ያስተዳድረን?» የሚል አልነበረም። «ስልጤ ጉራጌ ነው ወይስ አይደለም?» የሚል ነበር። እጅግ አብዛኛው «አይደለም» አለ። ከዚያ በኋላ ስልጤ ከጉራጌ ዞን ወጥቶ ወራቤን ዋና ከተማው ያደረገ የራሱ ዞን ተቋቋመለት።

እስኪ ነገሩን ከሥሩ እንየው።

ከዚያ በፊት ስልጤዎች በብዙ ሰው ዘንድ «ጉራጌ» ነበር የሚባሉት። መርካቶ ላይ ሲነግዱም፣ መንግሥት ሲመዘግባቸውም እንደዚያው። አገር ቤት ደግሞ ብዙዎቹ ራሳቸውን የሚጠሩት በየአካባቢያቸው ስም ነበር፦ አዘርነት፣ በርበሬ፣ አሊቾ፣ ውሪሮ፣ ውልባረግ እያሉ። በመልክ፣ በአለባበስም ሆነ በእንሰት እርሻ አንዱን ከሌላው ለመለየት የሚሞክር ሰው ብዙ አይሳካለትም። ሁለቱም ጎን ለጎን የኖሩ፣ የተጋቡ፣ አብረው የነገዱ ሕዝቦች ናቸው።

ታዲያ ልዩነቱ የቱ ጋ ነው?

መጀመሪያ ቋንቋውን እንይ። ሰባት ቤት ጉራጌ ውስጥ ያደገ ሰው ስልጢኛ ሲወራ ቢሰማ አይግባባም። እንዲያውም የቋንቋ ተመራማሪው ሮበርት ሄዝሮን እ.ኤ.አ. በ1972 ባወጣው አመዳደብ መሠረት ስልጢኛ የሚቀርበው ለሰባት ቤት ቋንቋዎች ሳይሆን በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቆ ሐረር ከተማ ውስጥ ለሚነገረው ሐረሪ ነው። ከቸሃ ይልቅ ለአማርኛም ይቀርባል። አዎ፣ በትክክል አንብባችኋል። «ጉራጌኛ» ተብሎ በአንድ ስም የሚጠራው ነገር አንድ ቋንቋ አይደለም፤ ከተለያየ ቅርንጫፍ የመጡ ቋንቋዎች አንድ አካባቢ ተገናኝተው ነው።

ሁለተኛው ታሪክ ነው። ስልጤዎች አያቶቻቸው ከሐረር በኩል እንደመጡ ይተርካሉ። ትረካው በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከነበረው የኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ዘመቻ ጋር የተያያዘ ነው፤ ብዙ ጎሳ ዘሩን የሚቆጥረውም ከሃይማኖት አባቶች ነው። ትረካው በሙሉ በሰነድ የተረጋገጠ ነው ማለታችን አይደለም። ግን አንድ ሕዝብ ስለ ራሱ ለልጆቹ የሚነግረው ታሪክ በራሱ የሚያስተሳስር ገመድ ነው። ቋንቋው ከሐረሪ ጋር መዛመዱ ደግሞ ትረካውን ባዶ ወሬ እንዳይሆን ይደግፈዋል።

ሦስተኛው ሃይማኖት ነው። ስልጤ ማለት ይቻላል ሙሉ በሙሉ ሙስሊም ነው። እዚህ ጋ ግን ቆም እንበል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። «ስልጤ ማለት ሙስሊም ጉራጌ ማለት ነው» የሚል አባባል ሰምታችሁ ይሆናል። ልክ አይደለም። ጉራጌ ውስጥ ኦርቶዶክስም፣ ሙስሊምም፣ ካቶሊክም፣ ፕሮቴስታንትም አለ። ሃይማኖት ብቻውን ቢለይ ኖሮ የጉራጌ ሙስሊሞችም ከስልጤ ጋር አብረው ይወጡ ነበር። አልወጡም።

ቋንቋም ብቻውን አይበቃም። ይሄን ለማየት ሁለት ጎረቤቶችን እንጥራ።

አንደኛው ወለኔ ነው። ወለኔኛ ለስልጢኛ በጣም ከመቅረቡ የተነሳ እንደ አንድ ቋንቋ ሁለት ዘዬ የሚቆጥሩት አሉ። ሆኖም ወለኔ ወደ ስልጤ ዞን አልገባም፤ ጉራጌ ዞን ውስጥ ቀረ።

ሁለተኛው ዛይ ነው። ዛዮች የዝዋይ ሐይቅ ደሴቶችና ዳርቻው ላይ የሚኖሩ ጥቂት ሕዝብ ናቸው። ቋንቋቸው ከስልጢኛና ከወለኔኛ ጋር አንድ ምድብ ውስጥ ነው። ግን ዛዮች ኦርቶዶክስ ክርስቲያን ናቸው፤ ትረካቸውም ተቃራኒ ነው። አባቶቻችን ከኢማም አሕመድ ጦርነት ሸሽተው፣ ቅዱሳት መጻሕፍታቸውን ይዘው ደሴቶቹ ላይ ተጠለሉ ይላሉ። አስቡት፤ ያው አንድ ጦርነት ነው። የአንዱ አያቶች ከኢማሙ ጋር መጣን ይላሉ፤ የሌላው አያቶች ከኢማሙ ሸሸን ይላሉ። ቋንቋቸው ዘመዳሞች ናቸው። መልካቸውም አይለያይም። ሕዝቡ ግን ሁለት ነው።

ስለዚህ እኛ የምንረዳው እንዲህ ነው፦ ቋንቋ፣ ታሪክና ሃይማኖት እያንዳንዳቸው ብቻቸውን በር አይከፍቱም። ሦስቱ አንድ ላይ ሲገጣጠሙ ነው «እኛ» የሚል ስሜት የሚፈጥሩት። ያ ስሜት መኖሩን ደግሞ ከውጭ ቆሞ የሚለካ ሰው የለም።

ሕገ መንግሥቱም ይሄን የተረዳ ይመስላል። አንቀጽ 39 ንዑስ አንቀጽ 5 ብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብ ማን እንደሆነ ሲተረጉም መልክ ወይም ደም የሚል ቃል አይጠቀምም። ሃይማኖትንም በስም አይጠራም። የሚዘረዝረው የጋራ ባህልን፣ የሚግባቡበትን ቋንቋ፣ የተያያዘ መልክዓ ምድርን፣ የሥነ ልቦና አንድነትን ነው። ከሁሉም በላይ ግን የጋራ ህልውና አለን ብሎ *ማመንን* ይጨምራል። ቋንቋን ባለሙያ ያጠናዋል፣ መሬትን ካርታ ያሳየዋል። እምነትን ግን ባለቤቱን ካልጠየቅከው በምን ታውቀዋለህ? የፌዴሬሽን ምክር ቤት የስልጤን ጉዳይ በራሱ በሕዝቡ ድምፅ እንዲያልቅ ያደረገው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል እንምጣ። አገራችን ውስጥ የማንነት ጥያቄ የባህል ጥያቄ ብቻ ሆኖ አይቀርም። እውቅና ያገኘ ሕዝብ ወረዳ ወይም ዞን ይጠይቃል፤ ዞን ማለት ደግሞ በጀት፣ ሥራ፣ በራስ ቋንቋ የሚሰጥ ትምህርት ነው። ስለዚህ እውነተኛው ጥያቄና ወንበር ፈላጊው ጥያቄ አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው ሊመጡ ይችላሉ። መለያው ምንድን ነው ካላችሁን፣ እኛ የምናየው አንድ ነገር ነው፦ ስሙን የሚያውቀው ባለሥልጣኑ ብቻ ነው ወይስ ገበያ ላይ ያለችው እናትም ጭምር? ሰዉ ራሱ ሲጠየቅ ምን ይላል?

ሌላው ችግር በድንበር መሃል የሚቀረው ሰው ነው። አባቱ ስልጤ፣ እናቱ ጉራጌ የሆነ ልጅ ድምፅ መስጫው ላይ ከሁለት አንዱን ነው የሚያገኘው። ሕዝበ ውሳኔ ለሕዝብ መልስ ይሰጣል፤ ለእንደዚህ ዓይነት ቤተሰብ ግን ሙሉ መልስ የለውም።

በ2015 ዓ.ም. ማለቂያ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ስልጤና ጉራጌ እንደ ቀድሞው አንድ ክልል ውስጥ ሆኑ፤ በየራሳቸው ዞን፣ በየራሳቸው ስም። ማንነት ተለየ ማለት ጉርብትና ተቋረጠ ማለት እንዳልሆነ እዚያው ታያላችሁ፤ የወራቤና የቡታጅራ ሰው ዛሬም ይነጋገዳል።

ቀጣይ ጊዜ አንድ ሰው ፊታችሁን አይቶ ብሔራችሁን ሊነግራችሁ ሲሞክር የዛይንና የስልጤን ነገር ንገሩት። ፊት ላይ የተጻፈ ነገር የለም። ማወቅ ከፈለገ ይጠይቅ።