ንቅሳቱን አጥፉ ያላችሁ ማን ነው?

አንድ የአዲስ አበባ የሠርግ ፎቶ አንሺ ለሙሽሪት የላከው ደብዳቤ የቤተሰብ ጠብ አስነስቷል። ደብዳቤው በአልበሙ ውስጥ በሚገቡት 40 ፎቶዎች ላይ የትኛው የመልክ ማስተካከያ ከዋጋው ጋር እንደሆነ፣ የትኛው ደግሞ ለብቻ እንደሚከፈልበት ይዘረዝራል። የዕለቱን ብጉር ማንሳት፣ የላብ ወዝ ማደብዘዝና ዓይን ላይ የወደቀ ፀጉር ማውጣት በዋጋው ውስጥ ነው። ክንድ ማቅጠን፣ ወገብ ማስገባት፣ የተጨፈነ ዓይን ከሌላ ፎቶ አምጥቶ መተካት ደግሞ በፎቶ 300 ብር ያስጨምራል።

ቤተሰቡ የተቆጣው በዚህ በ300 ብሩ ነው። «ያን ሁሉ ከፍለን ደግሞ ጭማሪ?» አሉ። እዚህ ላይ ተሳስተዋል። ብጉር ማንሳት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ከጎኑ ያለው ቆዳ ይገለበጥና ይሸፈናል። ክንድ ማቅጠን ግን ሌላ ነገር ነው። ክንዱ ወደ ውስጥ ሲሳብ የሐበሻ ቀሚሱ ጥለት አብሮ ይሳባል፣ መስመሩ ይጣመማል። ከኋላ ያለው ዓምድ ወይም የበር መቃንም ይጎብጣል። ያን ሁሉ በእጅ መልሶ ማቅናት ለአንድ ፎቶ ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይፈጃል። ለዚህ መክፈል ነውር የለውም፤ ነውሩ አለመንገር ነው፣ ፎቶ አንሺው ደግሞ ነግሯል።

ማንም ያልተቆጣበት መስመር ግን ከዚያው በላይ ተጽፏል፦ «ፊት ማጥራትና ማቅላት፣ በነፃ።»

ለምን በነፃ? ርካሽ ስለሆነ ነው። በማስተካከያ ፕሮግራሙ ውስጥ የአብዛኛው ሰው የቆዳ ቀለም የሚመደበው ከብርቱካናማው ወገን ነው። የዚያ ቀለም ድምቀት በአንድ መግፊያ ከፍ ይደረግና ልኩ ይቀመጣል፣ ከዚያ በ600 ፎቶ ላይ በአንዴ ይለጠፋል። ማንም ፊት ለፊት ቁጭ ብሎ ይህችን ሴት አላያትም። ያልታየ ሥራ መሆኑን ለማወቅ የአንገቱን ወርቅና መሶቡን መመልከት ነው፤ ቀለማቸው ከቆዳው ጋር አንድ ወገን ስለሆነ እነሱም አብረው ይነጣሉ። ፊቱ ብቻ ተለይቶ ከቀላ ደግሞ ጆሮና እጅ ይመሰክራሉ።

ማጥራቱም የራሱ መዘዝ አለው። ሥራው ቆዳውን ለሁለት ይከፍለዋል፦ ጥቃቅኑ የቆዳ ገጽ በአንድ ንብርብር፣ ሰፋ ያለው የቀለም ልዩነት በሌላ። ከዚያ ሁለተኛው ይደበዝዛል። ከጎጃም የመጡት የሙሽሪት እናት አንገታቸው ላይ ንቅሳት አለ። ንቅሳት ሰፊ የቀለም ልዩነት ስለሆነ ከማድያቱ ጋር አብሮ ጠፋ። በ11 ፎቶ ላይ እኒህ እናት አንገታቸው ባዶ ነው። ማንም አልጠየቃቸውም። ልጃቸው አልበሙን ስታይ ይመለስልኝ ብትል፣ የተመለሰላት መልስ «እንደ አዲስ ስለሚሠራ በፎቶ 300 ብር» የሚል ነው። ማጥፋቱ በነፃ፣ መመለሱ በዋጋ!

«ደንበኛው ራሱ ነው አቅሉኝ የሚለው» የሚል መከራከሪያ ይቀርባል። የሚል አለ፣ እውነት ነው። የሚል ካለ ይጠይቅ፣ ይከፈልበት፣ ከክንድ ማቅጠን ጎን ይጻፍ። በነፃ ዝርዝር ውስጥ ሲገባ ግን ያልጠየቀውም ሰው ጉድለት እንዳለበት ተቆጥሮ ይታረማል። ሌላም አለ፦ ከፋይና ፎቶ ላይ ያለው ሰው አንድ አይደሉም። የከፈለው የሙሽራው ወንድም ነው፤ በእናትየዋ አንገት ላይ ምን ሥልጣን አለው?

በፊልም ዘመን ሰበብ ነበር። ኮዳክ ለማጠቢያ ቤቶች የሚልከው የቀለም መለኪያ ካርድ ለብዙ ዓመታት የነጭ ሴት ምስል ነበር፤ «ሸርሊ» ይሉት ነበር። ማሽኑ ለእሷ ተስተካክሎ ጠቆር ያለው ፊት ሲጨልም ጥፋቱ የፎቶ አንሺው ላይሆን ይችል ነበር። የዛሬ ካሜራ ግን የጥቁርንም የጠይምንም ገጽ ከነዝርዝሩ ይይዛል። በደንብ ካልታየ የጎደለው መብራት ነው፤ መብራት ደግሞ በቀረጻው ቀን የሚሠራ እንጂ በኋላ በማቅላት የሚካካስ አይደለም።

ደብዳቤው ይኑር፤ ቀብድ ከመከፈሉ በፊትም ይላክ። ግን መስመሩ እንደገና ይሰመር። በሁለት ሳምንት በራሱ የሚጠፋ ነገር፣ ብጉር፣ ላብ፣ የደፈረሰ ዓይን፣ በዋጋው ውስጥ ይሁን። ሳምንታት ቢያልፉም የማይጠፋ፣ ጠባሳ፣ ማርያም የሳመችው፣ ንቅሳት፣ የቆዳ ቀለም፣ የፎቶው ባለቤት ራሱ በአፉ ካላለ በነፃም በዋጋም አይነካ። ዋናዎቹ ፋይሎች ለስንት ወር እንደሚቀመጡም ይጻፍ። ስቱዲዮው ዲስኩን አጽድቶ ለሚቀጥለው ሠርግ ካዋለው፣ 300 ብሩ ቢከፈልም የእናትየዋ ንቅሳት የሚመለስበት መንገድ የለም።