«ኪራይ ብቻ ነው» አትበሉን

ሊዝ ሲባል የአዲስ አበባ ሰው ጆሮ ወዲያው የሚሰማው የመሬት ጨረታ ነው። የዛሬው ወሬዬ ግን ስለ መሬት አይደለም። ድርጅቶች ሱቅ፣ ቢሮና ቅርንጫፍ ሲከራዩ ኪራዩን መዝገባቸው ላይ እንዴት እንደሚጽፉት ነው። «ይሄማ የአካውንታንቶች ጣጣ ነው» ብላችሁ ገጹን ልትዘጉ ከሆነ ትንሽ ታገሱኝ። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. ተከፍቷል፤ በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ሻይ ላይ ቁጭ ብሎ ስለ አክሲዮን ያወራል። አክሲዮን ልገዛ ነው የሚል ሰው ደግሞ «ለመሆኑ ድርጅቱ ስንት ዕዳ አለበት?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ያ ዕዳ ለብዙ ዓመታት ተደብቆ የኖረው ኪራይ ውስጥ ነው።

የድሮው ደንብ አይኤኤስ 17 ይባል ነበር። ኪራይን ለሁለት ይከፍለዋል። ዕቃው የራስህ የሆነ ያህል ጥቅሙም ጉዳቱም ወደ አንተ ከዞረ ፋይናንስ ሊዝ ነው፤ ሀብቱንም ዕዳውንም ትመዘግባለህ። ካልዞረ ኦፕሬቲንግ ሊዝ ነው፤ የዓመቱን ኪራይ ወጪ ብለህ ትጽፍና ትገላገላለህ። ገና ያልከፈልከው የቀሪ ዓመታት ኪራይ የሀብትና ዕዳ መግለጫው ላይ ድርሽ አይልም፤ ከኋላ በማስታወሻዎቹ መካከል አንዲት ሠንጠረዥ ይሰጠዋል። ታዲያ ማን ፋይናንስ ሊዝ ይፈርማል? ውሉ ኦፕሬቲንግ እንዲመስል ተደርጎ ይረቀቃል፣ በቃ።

የዓለም አቀፉ የሂሳብ ደረጃዎች ቦርድ አዲሱን አይኤፍአርኤስ 16ን እ.ኤ.አ. በጥር 2016 ሲያወጣ፣ በገበያ የተመዘገቡ ኩባንያዎች ወደ 3.3 ትሪሊዮን ዶላር የሚጠጋ የኪራይ ግዴታ እንዳለባቸው፣ ከዚህም ከ85 በመቶ በላይ የሚሆነው መግለጫቸው ላይ እንደማይታይ ገምቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 የከሰረው የአሜሪካው መጻሕፍት ሻጭ ቦርደርስ፣ ከመግለጫው ውጭ የነበረው የኪራይ ግዴታው መግለጫው ላይ ከሚታየው ዕዳ በብዙ እጥፍ ይበልጥ ነበር። ዕዳው ነበረ፤ ያልነበረው ዕዳ የሚል ስሙ ነው።

አዲሱ ደንብ እ.ኤ.አ. ከ2019 መጀመሪያ ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። የእኛም አዋጅ ቁጥር 847/2006 ድርጅቶችን ወደ ዓለም አቀፉ ደረጃ ስላስገባ፣ ሙሉውን ደረጃ የሚከተሉ እንደ ባንክ ያሉ ተቋማት ይመለከታቸዋል። አነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶች የሚከተሉት ለእነሱ የተዘጋጀ ሌላ ደረጃ አለ፤ እዚያ የድሮው አሠራር እስከ ዛሬ አለ። ስለዚህ የሰፈራችሁን ካፌ አትፈትሹ።

እስቲ በቁጥር እንየው። አንድ አክሲዮን ማኅበር ሱቅ ለ5 ዓመት ተከራየ እንበል። በየዓመቱ መጨረሻ 1 ሚሊዮን ብር ይከፍላል፤ ባንክ ቢያበድረው ደግሞ 15 በመቶ ወለድ ያስከፍለዋል። በድሮው ስሌት በዓመት 1 ሚሊዮን ብር ወጪ ይጻፋል፣ ዕዳ ዜሮ። በአዲሱ ግን የ5ቱ ዓመት ክፍያ በ15 በመቶ ተቀንሶ ዛሬ ስንት እንደሚያወጣ ይሰላል። የሚመጣው 3,352,155 ብር ነው። ይህ ቁጥር ሁለት ቦታ ይገባል፦ በአንድ በኩል የኪራይ ዕዳ ተብሎ፣ በሌላ በኩል በሱቁ የመጠቀም መብት ሀብት ተብሎ።

ከዚያ ሀብቱ ለ5 ዓመት እኩል ተካፍሎ በየዓመቱ 670,431 ብር የእርጅና ቅናሽ ይሆናል። ዕዳው ደግሞ ወለድ ይቆጥራል፤ በመጀመሪያው ዓመት 502,823 ብር። ሲደመር የመጀመሪያው ዓመት ወጪ 1,173,254 ብር ነው፤ ከድሮው ይበልጣል። ዕዳው እየቀነሰ ሲሄድ ወለዱም ስለሚቀንስ በ5ኛው ዓመት ወጪው ወደ 800,866 ብር ይወርዳል። የ5ቱ ዓመት ድምር በሁለቱም ስሌት 5 ሚሊዮን ብር ነው። ከካዝና የወጣው ብርም ያው ነው።

«አየሽ! ምንም ያልተለወጠ ነገር ላይ ያልተበደርነውን ዕዳ ለጠፋችሁብን» ይላሉ የድሮው ደንብ ናፋቂዎች። እኔ የምለው ግን፣ ጎረቤቱ ያለው ማኅበር ከባንክ ተበድሮ የራሱን ሱቅ ቢገዛ ዕዳው በግልጽ ይታይ የለ? ሁለቱም ለ5 ዓመት በየዓመቱ መክፈል ያለባቸው ገንዘብ አለ፤ ገበያ ቢቀዘቅዝም አይቀርላቸውም። አንዱን ባለዕዳ፣ ሌላውን ንጹሕ ብሎ ማቅረብ ገዢን ማሳሳት ነው። አሁን ገና ልብሳቸውን አውልቀው እኩል ቆሙ።

ግን አዲሱም ደንብ የራሱ ማታለያ አለው፤ እሱን ካልነገርኳችሁ አጭበረበርኩ። ማኅበራችን ከኪራይ በፊት 1.5 ሚሊዮን ብር ያተርፋል እንበል። በድሮው ስሌት ኪራዩ ተቀንሶ 500,000 ይቀረው ነበር። በአዲሱ ግን ኪራይ የሚባል ወጪ የለም፤ የእርጅና ቅናሽና ወለድ ሆኖ ወደ ታች ወርዷል። ስለዚህ ወለድ፣ ግብርና የእርጅና ቅናሽ ከመነሳታቸው በፊት ያለው ትርፍ፣ ኢቢትዳ የሚሉት፣ 1.5 ሚሊዮን ሆኖ ቁጭ ይላል። አንድ ተጨማሪ ማኪያቶ ሳይሸጥ ሦስት እጥፍ! ጋዜጠኝነት የተማርን ሰዎች ይህን ከመግለጫ ገልብጠን «ድርጅቱ በእመርታ አደገ» ብለን እንዳንጽፍ። በዚህ ቁጥር ተማርኮ አክሲዮን የሚገዛ ሰው የገዛው የሠንጠረዥ ለውጥ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ቀዳዳ ግን የጊዜው ነው። የ12 ወር ወይም ከዚያ ያነሰ ኪራይ፣ የመግዛት መብት ከሌለው፣ ድርጅቱ ከመረጠ በድሮው መንገድ በወጪነት ብቻ ሊጻፍ ይችላል። ታዲያ ምን ይደረጋል? ማንም ካላቋረጠው በየዓመቱ በራሱ የሚታደስ ውል ይፈረምና «የአንድ ዓመት ውል ነው» ይባላል። ዕዳ የለም፣ ሀብት የለም፣ እልል!

ደንቡ ይህን በዝምታ አላለፈውም። የሚታየው ወረቀቱ ላይ ያለው ቀን ብቻ ሳይሆን፣ ተከራዩ ጥሎ ቢወጣ የሚያጣውም ነው። የደረጃው ተርጓሚ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2019 ይህንኑ አብራርቷል፤ ለሴራሚክ፣ ለኩሽናና ለባንኮኒ 2 ሚሊዮን ብር ያፈሰሰ ሰው በ12 ወር ጥሎ ይወጣል ማለት ይከብዳል። በእርግጥ ውሉ በየዓመቱ የሚያልቅና ለማደስ አከራዩ አዲስ እሺታ የሚጠየቅበት ከሆነ ነገሩ ይለያል፤ ተከራዩ የመቆየት መብት የለውምና።

እንግዲህ አክሲዮን ልትገዙ መግለጫ ስታገኙ ወደ ማስታወሻዎቹ ሂዱ። «የአጭር ጊዜ ኪራይ ወጪ» የሚለውን ቁጥር ፈልጉ፤ እንዲገለጽ ግዴታ ነው። ከዚያ በኪራይ ቤት ላይ የተሠራው ማስዋቢያና ግንባታ በስንት ዓመት እንደሚያረጅ የተጻፈበትን እዩ። አንዱ ማስታወሻ «ሱቁን ለ12 ወር ነው የያዝነው» እያለ ሌላው «የሱቁን ወለል ለ8 ዓመት እንጠቀምበታለን» ካለ፣ ከሁለቱ አንዱ ልክ አይደለም። በጉባኤው ላይ እጃችሁን አውጡና ጠይቁ፦ ስምንት ዓመት የምትቆዩ ከሆነ የስምንቱ ዓመት ዕዳ የት አለ?