ጨው፣ ዘይትና የየካ ከፍታ፦ በፓስታ አቀቃቀል ልማድ ላይ የቀረበ ትችት

በአዲስ አበባ ቤቶች ፓስታ የሚቀቀልበት ልማድ በሁለት እምነቶች ላይ የቆመ ነው። አንደኛው በውሃው ላይ የሚጨመረው ጨው ውሃውን ቶሎ ያፈላዋል፣ ሙቀቱንም ይጨምራል የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው በድስቱ ውስጥ ጠብ የሚደረገው ዘይት ፓስታው እርስ በርሱ እንዳይጣበቅ ያደርጋል የሚለው ነው። ሁለቱም ከእናት ወደ ልጅ፣ ከምግብ ቤት ወደ መኖሪያ ቤት ሲወርዱ የኖሩ በመሆናቸው መርማሪ ሳያገኙ ቆይተዋል። ጨው ለፓስታ ውሃ እጅግ አስፈላጊ ነው፤ የሚያስፈልገው ግን በተለምዶ ለሚነገርለት ምክንያት አይደለም። ዘይቱ ደግሞ ሥራ የሚሠራው ፓስታው ከውሃው ከወጣ በኋላ ስለሆነ፣ በድስቱ ውስጥ የሚፈሰው በከንቱ ነው።

ስለ ሙቀት የሚነገረውን ለመመርመር ከየካ ክፍለ ከተማ የተሻለ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል። ውሃ የሚፈላበት የሙቀት መጠን፣ በትምህርት ቤት ቋንቋ ነጥበ ፍሌት የሚባለው፣ የአየሩ ግፊት በቀነሰ ቁጥር አብሮ ስለሚቀንስ፣ በባሕር ጠለል 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ የሚፈላው ውሃ በየ300 ሜትሩ ከፍታ አንድ ዲግሪ ያህል ዝቅ ብሎ ይፈላል። ስለዚህ ከባሕር ጠለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በሚገኝ የኮተቤ ቤት ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን፣ ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው የእንጦጦ ጋራ ጫፍ ደግሞ ወደ 90 ይወርዳል። በፓስታ ማሸጊያ ላይ የሚጻፈው የደቂቃ ቁጥር በአብዛኛው ለዝቅተኛ ቦታ የተሰላ በመሆኑ፣ በየካ ያለ አብሳይ በዚያው ደቂቃ ካወጣው መሐሉ ያልበሰለ ፓስታ ያገኛል፤ ጥፋቱንም በፓስታው ጥራት ወይም በጨው ማነስ ላይ ያሳብባል።

ጨው ይህን ጉድለት ሊያካክስ አይችልም። በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ 10 ግራም ጨው ቢሟሟ፣ ማለትም ውሃው አንድ በመቶ ጨው ቢይዝ፣ ነጥበ ፍሌቱ ከፍ የሚለው በአንድ ዲግሪ አንድ አምስተኛ እንኳ በማይሞላ መጠን ነው። ይህ ጭማሪ ድስቱን ይዞ ከእንጦጦ ተዳፋት 50 ሜትር ያህል ቁልቁል ከመውረድ አይበልጥም። በኮተቤ የጎደለውን ስምንት ዲግሪ በጨው ብቻ ለመመለስ በአንድ ሊትር ውሃ ከ300 ግራም በላይ ጨው መጨመር ያስፈልጋል፤ እንዲህ ባለ ውሃ የተቀቀለ ምግብ በአፍ የሚቀመጥ አይደለም። በዚህ ከፍታ የሚሠራው መፍትሔ ፓስታውን ለተጨማሪ ደቂቃዎች በእሳት ላይ ማቆየትና አንድ ዘለላ አውጥቶ ቆርጦ ማየት ነው። በተቆረጠው ፊት መሐል ላይ ነጭ ነጥብ ከታየ ውሃው ገና ወደ ውስጥ አልደረሰም፤ ነጥቡ ሊጠፋ ሲል ደግሞ ፓስታው ለመውጣት ተዘጋጅቷል።

እምነቱ ይህን ያህል ሥር የሰደደው ዓይን ስለሚያታልል ነው። ሊፈላ በተቃረበ ውሃ ላይ ጨው ሲበተን ውሃው በድንገት አረፋ ያወጣል፤ ተመልካቹም ጨው አፈላው ብሎ ይደመድማል። የሆነው ግን የጨው ቅንጣቶች ሸካራ ገጽ የእንፋሎት ፊኛ የሚጀመርበት ቦታ መስጠቱ ብቻ ነው፤ ከእሳቱ የመጣው ሙቀት በዚህ ቅጽበት አልጨመረም። ከእንጦጦ ጫካ በሴቶች ጀርባ የሚወርደውን ጭራሮ ለሚገዛ ወይም ለኤሌክትሪክ ለሚከፍል ቤት ውሃው ቶሎ እንዲፈላ የሚረዳው ነገር የድስቱ ክዳን ነው።

የጨው እውነተኛ ሥራ በጣዕም ላይ ነው፤ በዚህ ረገድ ልማዱ ጨውን ያበዛል ሳይሆን ያሳንሳል ተብሎ መወቀስ አለበት። ደረቅ ፓስታ ሲቀቀል ከራሱ ክብደት የሚበልጥ ውሃ ይመጥጣል፤ ጨው ወደ ፓስታው ውስጥ የሚገባውም ከዚህ ውሃ ጋር ነው። ግማሽ ኪሎ ፓስታ በአራት ሊትር ውሃ ውስጥ በ40 ግራም ጨው፣ ይህም ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያህል ነው፣ ተቀቅሏል እንበል። ፓስታው 650 ግራም ያህል ውሃ ቢመጥጥ አብሮት የሚገባው ጨው ከ6 እስከ 7 ግራም ሲሆን፣ ቀሪው ከውሃው ጋር ይደፋል። ይህ ለአራት ተመጋቢዎች ሲከፈል ለእያንዳንዳቸው ከሁለት ግራም በታች ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች እንዲሆን ከሚመክረው ጋር ሲነጻጸር የሚያስፈራ ባይሆንም፣ የስጎው ጨው በዚያው ልክ መቀነስ እንዳለበት ያሳስባል፤ የደም ግፊት ያለበት ሰው ደግሞ የውሃውን ጨው ከዚህም ሊያሳንሰው ይገባል። በብዙ ቤት የሚደረገው አንዲት የሻይ ማንኪያ ጨው በዚያ ሁሉ ውሃ ውስጥ መጣል ነው፤ ፓስታው አልጫ ሆኖ ይወጣና ጉድለቱን ለመሸፈን በስጎው ላይ ጨው ይበዛል፤ ያን ጊዜ አፍ የሚያገኘው ከውጭ ጨዋማ፣ ከውስጥ ጣዕም አልባ የሆነ ነገር ነው። በርበሬው የበረታ ስጎ ይህን ጉድለት በከፊል ሊሸፍነው ይችላል፤ በቲማቲምና በአትክልት ብቻ የሚሠራ የጾም ፓስታ ግን የሚደበቅበት ቦታ የለውም።

ወደ ዘይቱ ሲመጣ ነገሩ ይበልጥ ቁርጥ ያለ ነው። ፓስታ የሚጣበቀው ስታርች የተባለው የእህሉ ክፍል ሙቅ ውሃ ሲያገኝ አብጦ የዘለላውን ላይኛ ገጽ የሚያጣብቅ ስለሚያደርገው ነው። የስንዴ ስታርች ማበጥ የሚጀምረው ከ60 ዲግሪ አካባቢ ጀምሮ ስለሆነ፣ የየካ ውሃ በ92 ዲግሪ መፍላቱ ይህን አያስቀረውም፤ መሐሉ ዘግይቶ ሲበስል ገጹ ግን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ውስጥ የሚያጣብቅ ይሆናል። ዘይት ደግሞ ከውሃ የቀለለና ከውሃ ጋር የማይዋሐድ በመሆኑ በላይ ተንሳፍፎ ይቀራል፤ ዘለላዎቹ የሚጣበቁት ከሥር፣ በውሃው ውስጥ ነው። ውሃው ሲንተከተክ ወደ ታች የሚወረወረው ጥቂት የዘይት ጠብታም ውሃ የጠገበውን የፓስታ ገጽ ሊለብሰው አይችልም።

ጥፋቱ የሚመነጨው ከሌላ ቦታ ነው፤ ፓስታው ውሃው ገና ሳይፈላ ይጨመራል፣ ወይም አንድ እሽግ ሙሉ በጠባብ ድስት ውስጥ በእስር ይገባና ሳይማሰል ይተዋል። እንዲህ የተቀቀለ ፓስታ ጫፎቹ ተያይዘው እንደ ዱላ የጠነከሩ እስሮች ይገኙበታል፤ ምንም ያህል ዘይት ቢጨመር አይፈታቸውም። መድኃኒቱ ውሃው በደንብ ሲንተከተክ ጨምሮ፣ በነዚያ ሁለት ደቂቃዎች ሳያቋርጡ በሹካ እያላቀቁ ማማሰል፣ ከዚያም አልፎ አልፎ ወደ ማማሰሉ መመለስ ነው። ጣልያኖች የሚመክሩት ለ100 ግራም ፓስታ አንድ ሊትር ውሃ ቢሆንም፣ ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት የየካ ኮረብታ ሰፈር ይህ ግዴታ አይደለም፤ በማማሰል የሚተጋ ሰው ግማሽ ኪሎውን በሦስት ሊትር ያለ ችግር ይቀቅለዋል፤ ጨውንም በውሃው ልክ ወደ 30 ግራም ያወርደዋል።

ለዘይቱ ሊነሳለት የሚችል አንድ ክርክር አለ፤ በላይ የተንሳፈፈ ዘይት አረፋን ስለሚሰብር ድስቱ እንዳይገነፍል ይረዳል። ይህ እውነት ነው፤ ነገር ግን እሳቱን ትንሽ ማሳነስና ክዳኑን ማንሳት ያንኑ ሥራ ያለ ዘይት ይሠራል። ዘይት በተወደደበት ከተማ ደግሞ ማንኪያ ሙሉ ዘይት ከውሃው ጋር በማጥለያ አሳልፎ ወደ ፍሳሽ መስደድ አሳዛኝ ብክነት ነው። በማጥለል ጊዜ በዘለላዎቹ ላይ የሚቀረው ስስ ቅባትም ስጎው በደንብ እንዳይዝ ሊያደርግ ይችላል። ከተጠለለ በኋላ በቀዝቃዛ ውሃ ማጠብም ስጎውን የሚይዘውን ስታርች ጠርጎ ስለሚወስድ፣ ለሰላጣ ከሚሆን ፓስታ በቀር አይመከርም።

የዘይቱ ትክክለኛ ቦታ ፓስታው ሳይበላ መቆየት ባለበት ጊዜ ላይ ነው። ለድግስ የሚዘጋጅ ወይም ጠዋት ተቀቅሎ እስከ ምሳ የሚቆይ የምግብ ቤት ፓስታ ሲቀዘቅዝ በገጹ ያለው ስታርች እየጠነከረ ዘለላውን ከዘለላ ያያይዘዋል። እንዲህ ያለው ፓስታ ተጠልሎ ትኩስ እንዳለ ለግማሽ ኪሎው አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ቢፈስበትና በሰፊ ትሪ ላይ ተበትኖ ቢታሽ፣ ውሃ በመሐል ስለሌለ ዘይቱ እያንዳንዱን ዘለላ በቀጥታ ያገኘዋል። ወዲያው ከስጎ ጋር የሚቀርብ ከሆነ ግን ይህም አያስፈልግም፤ ከመቀቀያው ጨዋማ ውሃ አንድ ጭልፋ አስቀርቶ ፓስታውን በስጎው ድስት ውስጥ ከርሱ ጋር ማላወስ ይበቃል።