የቤት ሠራተኞች ደመወዝ በሪፖርትና በእጅ፤ የተሠራውን ሥራ ከመጣው ለውጥ መለየት

በኩዌት የሚኖሩ የቤት ሠራተኞችን ጉዳይ የሚመለከቱ መግለጫዎች አብዛኛውን ጊዜ በቁጥር ይጀምራሉ። ይህን ያህል ውል ተመዝግቧል፤ ይህን ያህል አቤቱታ እልባት አግኝቷል፤ ለዚህን ያህል ሠራተኞች ስለ መብታቸው ማብራሪያ ተሰጥቷል ይባላል። ቁጥሮቹ ፍጹም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። ሆኖም በሳልሚያ ወይም በጃብሪያ በአንድ ቤት ውስጥ የምትሠራ እህታችን ደመወዟ ወሩ ሲሞላ እጇ መግባቱን አይነግሩንም።

ይህን ክፍተት ለማየት የፕሮግራም ገምጋሚዎች የአመክንዮ ሞዴል የሚባል መሣሪያ ይጠቀማሉ። ሥሩ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ለአሜሪካ ዓለም አቀፍ የልማት ተራድዖ ድርጅት የተዘጋጀው የዕቅድ ማዕቀፍ ነው። ሞዴሉ አንድን ፕሮግራም በአራት ደረጃዎች ይከፍለዋል። የሚወጣው ገንዘብና የሚመደበው የሰው ኃይል ግብዓት ይባላል። በዚያ ኃይል ተሠርቶ የሚቆጠረው ነገር ውጽዓት ነው። በተጠቃሚው ኑሮ ላይ የሚታየው ለውጥ ውጤት ሲሆን፣ ከዚያ ቀጥሎ በረጅም ጊዜ የሚመጣው ደግሞ ዘላቂ ፋይዳ ነው። በአማርኛ ሪፖርቶች ሁለተኛውና ሦስተኛው ደረጃ ብዙ ጊዜ «ውጤት» በሚል አንድ ቃል ይጠራሉ። በአረብኛ ሰነዶች «ሙኽረጃት» እና «ነታኢጅ» የተለያዩ ቢሆኑም በአጠቃቀም ይደበላለቃሉ። ግራ መጋባቱ ከቃሉ ወደ ግምገማው የሚሸጋገረውም በዚህ መንገድ ነው።

ጉዳዩን በደመወዝ እንመልከተው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የኩዌት የቤት ሠራተኞች ሕግ ቁጥር 68 አሠሪው ደመወዝን በየወሩ መጨረሻ እንዲከፍል ያዛል፤ ላዘገየበት ለእያንዳንዱ ወርም ለሠራተኛዋ 10 ዲናር እንዲጨምር ይደነግጋል። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ዝቅተኛው የወር ደመወዝ 60 ዲናር ሆኖ ተወስኗል። የሕጉ ዓላማ ግልጽ ነው፤ ሙሉ ደመወዝ በወቅቱ በሠራተኛዋ እጅ እንዲገባ ነው። ስለዚህ የሚለካው ውጤትም ይኸው መሆን አለበት።

ለማሳያ ያህል አንድ ፕሮግራም በሐሳባችን እንሥራ። በሐወሊ የሚኖሩ 100 የቤት ሠራተኞች ደመወዛቸውን በባንክ እንዲያገኙ ይደረጋል እንበል። አራት የቢሮ ሠራተኞች፣ ሁለት አስተርጓሚዎችና የተመደበው በጀት ግብዓቶች ናቸው። ከአንድ ዓመት በኋላ 100 ሒሳቦች ተከፍተዋል፤ 100 የባንክ ካርዶችም ታድለዋል። እነዚህ ውጽዓቶች ናቸው። ዕቅዱ 100 ካርድ ማደል ከነበረ ፕሮግራሙ መቶ በመቶ ተሳክቷል ተብሎ ሊጻፍ ይችላል።

ወደ ውጤት ስንሻገር ግን መጀመሪያ መነሻው መታወቅ አለበት። ፕሮግራሙ ከመጀመሩ በፊት ከመቶዎቹ መካከል ደመወዛቸውን በወቅቱ በእጃቸው ይቀበሉ የነበሩት 60 ነበሩ እንበል። ከዓመት በኋላ የባንኩ መዝገብ የ90ዎቹ ደመወዝ በወቅቱ መግባቱን ያሳያል። የ30 ሰው ለውጥ ይመስላል። አሁን ገምጋሚው አንዲት ጥያቄ ይጨምራል፤ ካርዱና የምስጢር ቁጥሩ በማን እጅ ነው? ከዘጠናዎቹ 20ዎቹ «በአሠሪዬ እጅ ነው» ብለው ቢመልሱ፣ በገንዘባቸው በእርግጥ የሚያዙት 70 ብቻ ናቸው። ለውጡም 30 ሳይሆን 10 ይሆናል። የባንኩ መዝገብ አልዋሸም፤ ነገር ግን የሚመዘግበው ገንዘቡ ወደ ሒሳቡ መግባቱን እንጂ ሠራተኛዋ ማውጣቷን አይደለም።

ሁለተኛው አሳሳች መለኪያ የአቤቱታ ብዛት ነው። አቤቱታ ሲቀንስ ሁኔታው ተሻሽሏል ብሎ መደምደም ቀላል ነው። ነገር ግን የሠራተኛዋ የሥራ ቦታ የግል መኖሪያ ቤት ስለሆነ፣ ተቆጣጣሪ እንደ ፋብሪካ ወይም እንደ ሱቅ ገብቶ የሚፈትሽበት አይደለም። መረጃው በአመዛኙ የሚመጣው ራሷ ወደ ቢሮ ስትሄድ ነው። ለመሄድ ደግሞ ከቤት መውጫ ፈቃድ፣ ስልክና የታክሲ ገንዘብ ያስፈልጋታል፤ ኢቃማዬ ይበላሻል የሚለው ስጋትም አለ። ስለዚህ የአቤቱታ ቁጥር ሲቀንስ በደሉ ቀንሶ ይሆናል፤ ወይም በሩ ጠብቦ ይሆናል። አዲስ የስልክ መስመር በአማርኛ ሲከፈት ቁጥሩ በድንገት ቢጨምርም የግድ መጥፎ ምልክት አይደለም፤ ተደብቆ የቆየው መታየት መጀመሩ ሊሆን ይችላል። ሁለቱን መለየት የሚቻለው ቢሮ ያልመጡትን በመጠየቅ ነው። የዕረፍት ቀናቸውን በገበያና በአምልኮ ቦታ ከሚያሳልፉት፣ ወደ አገር ቤት ሲመለሱ በአውሮፕላን ማረፊያ ከሚገኙት ሠራተኞች ጥቂቶችን በየጊዜው በአንድ ዓይነት ጥያቄ ማነጋገር ያስፈልጋል። ይህም ቢሆን ጉድለት አለው፤ የዕረፍት ቀን የማታገኘውን ሴት በገበያ አናገኛትም።

አራተኛው ደረጃ፣ ዘላቂው ፋይዳ፣ ከሁሉም ይበልጥ ጥንቃቄ ይሻል። የቤተሰብ ዕዳ መከፈሉ፣ የልጆች ትምህርት አለመቋረጡ፣ ለመመለሻ የሚሆን ጥሪት መቀመጡ በዚህ ሥር ይመደባሉ። አንድ ገምጋሚ ግን ወደ ኢትዮጵያ የተላከውን ብር ብቻ መለኪያ ቢያደርግ ምን እንደሚገጥመው እንመልከት። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 29 ቀን 2024 የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን አድርጋለች። ከዚያ በፊት 60 ዲናር በባንክ ተመን ከ11 ሺህ ብር ጥቂት ይበልጥ ነበር፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ግን ከ23 ሺህ ብር አልፏል። ደሴ ያለችው እናት የሚደርሳት ብር እጥፍ ሆነ፤ የልጇ ደመወዝ ግን አንድ ፍልስ አልጨመረም። ሪፖርቱ ይህን ጭማሪ የደመወዝ ፕሮግራሙ ፍሬ ነው ቢል ስህተት ነው፤ ያመጣው ሌላ ነው። በዚያው ጊዜ የዘይቱና የጤፉ ዋጋም ባለበት አልቆየም።

ገምጋሚዎች ይህን ወጥመድ በሁለት መንገድ ይቀንሱታል። አንደኛው ከለውጡ ነጻ የሆነ መለኪያ መምረጥ ነው፤ ለምሳሌ የተላከውን በዲናር፣ የዕዳውን ማነስ ደግሞ በወራት ደመወዝ መቁጠር። ሁለተኛው ፕሮግራሙ ካልደረሰበት ተመሳሳይ ሰፈር ጋር ማነጻጸር ነው። በሐወሊ 60 የነበረው ወደ 70 ከፍ ሲል፣ ፕሮግራሙ ባልተጀመረበት ፈርዋኒያ 60 የነበረው በራሱ 65 ደርሶ ቢገኝ፣ ለፕሮግራሙ በቅንነት ሊሰጠው የሚገባው 5 ነው። ከ100 ካርድ ተነስተን 5 ሰው ዘንድ ደረስን። ቁጥሩ ቢያንስም የሚያስተምረው ብዙ ነው፤ ቀጣዩ በጀት ተጨማሪ ካርድ ለማደል ሳይሆን ካርዱ በባለቤቷ እጅ እንዲቆይ ለማድረግ መዋል እንዳለበት ያመለክታል።

ስለዚህ ስለ ሠራተኞች የወጣ ሪፖርት ሲነበብ ቁጥሩ ከአራቱ ደረጃዎች በየትኛው እንደቆመ ማስተዋል ይገባል። ስንት ካርድ ታደለ የሚለው ከተነገረ በኋላ፣ ካርዱ ከመታደሉ በፊት ስንቶቹ ይከፈላቸው እንደነበር፣ ካርዱ ዛሬ በማን ቦርሳ እንዳለና ፕሮግራሙ ባልደረሰበት ሰፈር ምን እንደሆነ መጠየቅ ይቀራል።