የ18 ወር ዕድሜ የተሰጠው ማር መጨረሻ ቀኑ እንዴት ሊቈጠር እንደሚገባው

የላስታ ነጭ ማር ቀድሞ የሚሸጠው ገዢው በዓይኑ አይቶ በምላሱ ቀምሶ ነበር። ዛሬ ግን ከላሊበላና ከአካባቢው ወጥቶ በጠርሙስ ታሽጎ ወደ ሩቅ አገር ስለሚሄድ፥ ገዢው የሚያምነው በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ቀን ነው። ይህ ቀን በተሳሳተ ጊዜ ነጋዴው ደኅናውን ማር ጊዜው አልፏል ብሎ ይጥላል፤ ወይም የቈየውን እንደ አዲስ አድርጎ ይሸጣል። በሁለቱም መንገድ የሚጐዳው የአገሩ ስምና የገበሬው ገቢ ነው።

አሻጊው ለማሩ የ18 ወር ዕድሜ ሰጠው እንበል። ማሩ በኅዳር 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ቢዘጋጅ፥ ቀናው አቈጣጠር 18ቱን ወር አንድ ዓመት ከመንፈቅ አድርጎ መክፈል ነው። አንድ ዓመት ሲጨመር ኅዳር 15 ቀን 2017 ይሆናል፤ ከዚያ ስድስት ወር፥ ታኅሣሥ፥ ጥር፥ የካቲት፥ መጋቢት፥ ሚያዝያ፥ ግንቦት ተብሎ ሲቈጠር ግንቦት 15 ቀን 2017 ዓ.ም. ላይ ይደርሳል። «ከዚህ ቀን በፊት ቢጠቀሙበት ይመረጣል» ተብሎ ሊጻፍ የሚገባው ይህ ቀን ነው።

ስሕተቱ የሚመጣው ከጳጉሜን ነው። ዓመታችን 13 ወር ነው የሚለውን ይዞ ጳጉሜንን እንደ ሙሉ ወር የቈጠረ ሰው፥ በሚያዝያ 15 ላይ ያቆማል፤ አንድ ወር ሙሉም ያለ ምክንያት ይቀንሳል። ሌላው ደግሞ 18ቱን በ30 አባዝቶ 540 ቀን ይቈጥርና ግንቦት 10 ላይ ይደርሳል፤ የጳጉሜንን አምስት ቀን ረስቷልና። ከመጋቢት ጀምሮ የተዘጋጀ ዕቃ እንደ ሆነ መንገዱ ሁለት ጳጉሜንን ስለሚያልፍ፥ ጕድለቱ 10 ወይም 11 ቀን ይሆናል። በጳጉሜን ውስጥ የተዘጋጀውን ዕቃ ግን በነሐሴ 30 እንደ ተዘጋጀ አድርጎ መቍጠር ይሻላል፤ መጨረሻውም በዓመት ከመንፈቁ የካቲት 30 ይሆናል፤ ጥቂት ቀን ቢቀንስም ክርክርን ያስቀራል።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን የዘመን አቈጣጠሩ ሳይገለጽ ቍጥር ብቻ መጻፉ ነው። ከላይ የተባለው ኅዳር 15 በፈረንጅ አቈጣጠር ኖቬምበር 25 ቀን 2023 ነው። በዚያው አቈጣጠር 18 ወር ቢጨመርበት ሜይ 25 ቀን 2025 ይሆናል፤ ይህም ግንቦት 17 ቀን 2017 ነው። በሁለቱ ሒሳብ መካከል ያለው ልዩነት ሁለት ቀን ብቻ ስለ ሆነ የሚያስጨንቅ አይደለም፤ ፊተኛውን ቀን መያዝ ይበቃል። ነገር ግን ከውጭ አገር በመጣ የዘይት ቆርቆሮ ላይ «25/05/2025» የሚል ተጽፎ ቢገኝና የጐተራው ጠባቂ በእኛ አቈጣጠር ቢያነበው፥ ጥር 25 ቀን 2025 ዓ.ም. መስሎት ጊዜው ያለፈውን ዘይት ገና ሰባት ዓመት ከመንፈቅ በላይ ዕድሜ አለው ብሎ ለሕዝብ ያድላል። ስለዚህ የወሩን ስም በፊደል፥ አቈጣጠሩንም «ዓ.ም.» ወይም «በፈረንጅ» ብሎ መጻፍ ግዴታ ሊሆን ይገባል።

ደግሞ ቍጥሩ የሚጀምርበት ቀን ሊጠየቅ ይገባል። ማሩ ከቀፎ በኅዳር ተቈርጦ በገበሬው ቤት በማሰሮ እስከ ሚያዝያ ቢቈይና በሚያዝያ በጠርሙስ ቢታሸግ፥ አሻጊው ከሚያዝያ ቢቈጥር ማሩ አምስት ወር ተሰርቆለታል ማለት ነው። የላስታ ማር የሚጠፋው በስሙ ላይ በሚመጣ ሐሜት ስለ ሆነ፥ ከተቈረጠበት ወር መቍጠር የተሻለ ነው፤ የልዩ ልዩ ገበሬ ማር በተቀላቀለ ጊዜም ከሁሉ በፊት የተቈረጠው ይያዛል።

ይሁን እንጂ ሒሳቡ ማሩን አይጠብቀውም። ውሃው ከመቶ ከ20 እጅ ያለፈ ማር፥ ቀኑ ሳይደርስ ይቦካል፤ አረፋ ማውጣቱና መኮምጠጡ ይገልጠዋል። በደኅና የተቈረጠና የታሸገ ማር ደግሞ ቀኑ ባለፈ በማግስቱ አይበላሽም፤ ጣዕሙና መዓዛው ቀስ በቀስ ይቀንሳል እንጂ።

እንግዲህ ለወረዳ ሹማምንት የሚበጀው፥ በየገበያቸውና በየጐተራቸው ሦስት ነገር ማዘዝ ነው፤ የተቈረጠበት ቀን እንዲመዘገብ፥ 18ቱ ወር ጳጉሜንን እንደ ወር ሳይቈጥሩ ዓመት ከመንፈቅ ተብሎ እንዲቈጠር፥ የወሩም ስም በፊደል እንዲጻፍ። ይህ ወጪ የለውም፤ የሚፈልገው አንድ መዝገብና አንድ ጠንቃቃ ጸሐፊ ብቻ ነው።