ቁጥሩ ምን ይላል?



ትምህርታቸውን በመፈጸም ላይ ካሉት ጓደኞቻችን መካከል በጀማሪ ዳታ ሳይንቲስትነት ለመቀጠር የሚያመለክቱ አሉ። አዘጋጃጀታቸውን ስንመለከት ግን አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አልቻልንም። ብዙዎቻችን የስታቲስቲክስን ትርጓሜ እንደ ዳዊት ስንደግም እንሰነብታለን። ትርጓሜውን ግን ጠያቂውም ከመጽሐፍ ያገኘዋል። ከእኛ የሚፈልገው ሌላ ነው፤ ይኸውም አንድ ቁጥር ሲቀርብልን ከየት እንደ መጣ፥ ከምን ጋር እንደሚወዳደርና ምን እንደማይል ማስረዳታችንን ነው። ሐሳባችንን በሁለት ምሳሌ እናቀርባለን፤ አንዱ ከቃል ጥያቄው፥ ሁለተኛው ወደ ቤት ተወስዶ ከሚሠራው ፈተና ነው።

በቃል ጥያቄው ላይ ዘወትር ከሚነሡት አንዱ ፒ-ቫልዩ ነው። በኢንተርኔት ዕቃ የሚሸጥ አንድ ድርጅት አሮጌውን ገጽ ለ1,000 ሰዎች፥ አዲሱን ገጽ ለሌሎች 1,000 ሰዎች በዕጣ ለይቶ አሳየ እንበል። ከፊተኞቹ 100፥ ከኋለኞቹ 125 ሰዎች ገዙ። የገዙት በፊተኛው 10 በመቶ፥ በኋለኛው 12.5 በመቶ ስለ ሆኑ ልዩነቱ 2.5 ነጥብ ነው። ጠያቂው፥ «ይህ ልዩነት ከገጹ የመጣ ነው ወይስ የአጋጣሚ?» ይላል።

ስሌቱ ረዥም አይደለም። ሁለቱን ወገኖች ስንደምር ከ2,000 ሰዎች 225 ገዝተዋል፤ ይህም 11.25 በመቶ ነው። ከዚህ የሚወጣው የልዩነቱ ስታንዳርድ ኤረር 1.41 ነጥብ ያህል ነው። 2.5ን ለ1.41 ብናካፍል 1.77 እናገኛለን፤ በሁለቱም አቅጣጫ ሲታይ ፒ-ቫልዩው 0.077 ገደማ ይሆናል።

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። «ሁለቱ ገጾች እኩል የመሆናቸው ዕድል 7.7 በመቶ ነው» ብሎ የሚመልስ ተሳስቷል። ትክክለኛው አባባል እንዲህ ነው፤ በሁለቱ ገጾች መካከል ምንም ልዩነት ባይኖር ኖሮ፥ እንዲህ ያለ ወይም ከዚህ የሚበልጥ ልዩነት በአጋጣሚ ብቻ ከ100 ሙከራ በ8ቱ ያህል ይታይ ነበር። የመጀመሪያው አባባል ስለ ገጾቹ ይፈርዳል፤ ሁለተኛው ግን ገጾቹ እኩል ናቸው ብሎ ተነሥቶ ስለ ውጤቱ ይናገራል። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ከዚህ በኋላ ጠያቂው፥ «እንግዲያስ አዲሱ ገጽ አይጠቅምም ማለት ነው?» ቢል መልሱ አይደለም ነው። የ95 በመቶው ኮንፊደንስ ኢንተርቫል ከ0.3 ነጥብ መቀነስ እስከ 5.3 ነጥብ መጨመር ይደርሳል። ስለዚህ ገጹ ምንም ላይጠቅም ይችላል፤ እጅግም ሊጠቅም ይችላል፤ ሙከራው ይህን ለመለየት አነሰ እንጂ አልፈረደም። «ታዲያ ከ0.05 በታች እስኪወርድ በየቀኑ እያየን እንቀጥል?» የሚል ጥያቄ ከተከተለ ወጥመድ መሆኑን እንወቅ። በየቀኑ እያዩ ደስ ባለ ቀን ማቆም ለአጋጣሚ ብዙ በር መክፈት ነው፤ በሐሰት ደስ የመሰኘቱም ዕድል ከ5 በመቶ ያልፋል። የሰዎቹን ብዛት አስቀድሞ መወሰን ይገባል። የ10 እና የ12.5 በመቶን ልዩነት ከ100 ጊዜ በ80ው ለማግኘት በእያንዳንዱ ወገን 2,500 ሰው ያህል ያስፈልግ ነበር። ይህን የሚል ሰው ትርጓሜ ብቻ ከሚደግም ሰው መለየቱ አይቀርም።

አሁን ወደ ቤት ወደሚወሰደው ፈተና እንለፍ። አንድ የስልክ አገልግሎት ድርጅት የ5,000 ደንበኞችን ሰንጠረዥ ሰጥቶ፥ «በሚቀጥለው ወር ማን እንደሚለቀን ተንብዩልን» አለ እንበል። ከእነዚህ 400ው፥ ማለትም 8 በመቶው፥ ለቅቀዋል። ከሁሉ አስቀድሞ ሊጻፍ የሚገባው ቁጥር የማንም ሞዴል ውጤት አይደለም፤ «ማንም አይለቅም» ብሎ ዝም ያለ ሰው 92 በመቶ ትክክል መሆኑ ነው። ይህን ሳይጽፍ «93 በመቶ ትክክለኛነት አገኘሁ» ብሎ የሚኩራራ አመልካች ምን ያህል ትንሽ እርምጃ እንደ ተራመደ አላወቀም።

ከሰንጠረዡ 1,000 ደንበኞችን ለመፈተኛ ለይተን አስቀመጥን እንበል፤ ከነዚህ የለቀቁት 80 ናቸው። ሞዴላችን 100 ሰዎችን «ይለቃሉ» ብሎ ጠቆመ፤ ከነሱም 48ቱ በእውነት ለቅቀዋል። ሞዴሉ 52 ሰዎችን በከንቱ ጠቁሟል፥ 32 ሰዎችን ደግሞ ሳያይ አምልጠውታል፤ ስሕተቱ በጠቅላላው 84 ነው። ትክክለኛነቱ 91.6 በመቶ ስለ ሆነ ዝም ካለው ሰው እንኳ ያንሳል! ሆኖም ድርጅቱ 100 ሰዎችን ብቻ አነጋግሮ ከ80ዎቹ ለቃቂዎች 48ቱን ያገኛል፤ በዕጣ 100 ሰው ቢጠራ ግን የሚያገኘው 8 ያህል ብቻ ነበር። ስለዚህ ሪፖርቱ ሊናገር የሚገባው ከተጠቆሙት 48 በመቶው፥ ከለቃቂዎቹም 60 በመቶው መገኘታቸውን ነው፤ የመጀመሪያው ፕሪሲዥን፥ ሁለተኛው ሪኮል ይባላል።

ሌላው ወጥመድ ከዚህ የረቀቀ ነው። ሞዴሉ 99 በመቶ ትክክል ሆኖ ቢመጣ ከመደሰት በፊት መጠርጠር ይሻላል። ከሞዴሉ ውስጥ ብዙውን ክብደት የያዘው ዓምድ የትኛው እንደ ሆነ እንመልከት፤ ምናልባት «የመጨረሻ ሒሳብ የተዘጋበት ቀን» የሚል ሊሆን ይችላል። ይህ ዓምድ የሚሞላው ሰውየው ከለቀቀ በኋላ ነው፤ በትንበያው ቀን ማንም አያውቀውም። መልሱ ሾልኮ ወደ ጥያቄው ገብቷል ማለት ነው። እንዲሁም የጎደሉ ቦታዎችን በአማካይ መሙላት ከፈለግን አማካዩ ከማሠልጠኛው ክፍል ብቻ ይወሰድ፤ ሰንጠረዡን ሳንለይ ብናሰላው መፈተኛው አስቀድሞ ተነክቷል። የአንድ ዓምድ ትርጉም ካልገባን ድርጅቱን በጽሑፍ እንጠይቅ፤ ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል።

በዚህ አጋጣሚ ለሁለት ወገኖች የምንለው አለን። ቀጣሪዎች የቤት ፈተና ሲሰጡ ስንት ሰዓት እንደሚጠብቁ በግልጽ ይጻፉ። ወሰን ያልተደረገለት ፈተና የሚመዝነው ችሎታን ሳይሆን ማን ነፃ ሳምንት እንዳለው ነው፤ በማታ የሚሠራ ተማሪ እውቀት ሳያንሰው ይወድቃል። አመልካቹም በበኩሉ በተሰጠው ሰዓት ያልሠራውን ነገር በሪፖርቱ መጨረሻ ይጻፍ፤ የተወውን የሚያውቅ ሰው የሠራውንም ማወቁ ይታመናል።

መምህሮቻችንን ደግሞ በአክብሮት እንለምናለን። በፈተና ወረቀት ላይ «ፒ-ቫልዩን ተርጉም» የሚለውን ጥያቄ ቀንሳችሁ፥ አንድ ሰንጠረዥ ሰጥታችሁ በቃል አስረዱ በሉን። አንድ ተማሪ 0.077ን ለክፍል ጓደኞቹ ቆሞ አስረድቶ፥ «ታዲያ እንቀጥል ወይስ እናቁም?» ተብሎ ተጠይቆ ከመለሰ፥ በቀጣሪው ፊት የሚገጥመው ጥያቄ አዲስ አይሆንበትም። እስከዚያው ግን እኛው ሦስት አራት ሆነን በየሳምንቱ እንሰብሰብ፤ አንዱ ቁጥር ያምጣ፥ ሌሎቹ «ከምን ጋር ሲወዳደር? በዚያ ቀንስ ይታወቅ ነበርን?» እያሉ ይጠይቁት።