የዓይን ፎቶው «መካከለኛ» ሲል ምን ማለቱ ነው?

የስኳር ሕመም ያለበት ሰው የዓይኑን ጀርባ ፎቶ ተነስቶ ሲወጣ የሚሰጠው ወረቀት አጭር ነው። «ቀላል»፣ «መካከለኛ» ወይም «ከባድ» ከሚሉት ቃላት አንዱ ይጻፍበታል። ቤት ሲደረስ ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ይዞርና አንዱ «መካከለኛ ከሆነማ ተመስገን ነው» ይላል። ይሁንና ቃሉ የተጻፈው በግምት አይደለም። ፎቶውን የሚያነበው ባለሙያ የተወሰኑ ምልክቶችን ፈልጎ፣ ቆጥሮና ያሉበትን ቦታ አይቶ ነው። የሚከተለው መለኪያም እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣና በብዙ አገሮች የሚሠራበት ዓለም አቀፍ የደረጃ ሰንጠረዥ ነው። የወላጆቻችሁን ወይም የራሳችሁን ውጤት በትክክል ለመረዳት የአነባበቡን መንገድ ማወቅ ይጠቅማል።

ፎቶው የሚያሳየው ሬቲናን ነው። ሬቲና የዓይንን የኋላ ግድግዳ ከውስጥ የሚሸፍን፣ ብርሃን ተቀብሎ መልእክቱን ወደ አንጎል የሚልክ ስስ ሽፋን ነው። በፎቶው ላይ ብርቱካናማ ሜዳ ሆኖ ይታያል። በአንድ ወገን ያለው ፈዛዛ ክብ የዓይን ነርቭ ራስ ሲሆን የደም ሥሮቹ ሁሉ ከእሱ ተነስተው ይዘረጋሉ። መሃል አካባቢ ያለው ጠቆር ያለ ቦታ ደግሞ ማኩላ ይባላል። የምናነበውና የሰው ፊት የምንለየው በዚህ ቦታ ነው።

በደም ውስጥ ያለው ስኳር ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ የሬቲና ቀጫጭን የደም ሥሮች ግድግዳ ይዳከማል። መጀመሪያ እዚህም እዚያም እንደ ፊኛ ጥቃቅን እብጠት ያወጣል። በፎቶው ላይ የምናየው ጥርት ያለ ትንሽ ቀይ ነጥብ ይህ ነው። ከእነዚህ ነጥቦች በቀር ሌላ ነገር ከሌለ ደረጃው «ቀላል» ነው። ግድግዳው ሲቀደድ ደም ወደ ሬቲናው ይፈስሳል። ይህ ከነጥቡ የሚበልጥና ዳሩ የደበዘዘ ቀይ ጠብታ ሆኖ ይታያል፤ አንዳንዴም የእሳት ነበልባል ቅርጽ ይይዛል። የፈሰሰ ደም ከታየ ደረጃው ቢያንስ «መካከለኛ» ነው።

«ከባድ» ለማለት ግን ቆጠራ ያስፈልጋል። ባለሙያዎች 4፣ 2፣ 1 ብለው የሚያስታውሱት ደንብ አለ። ሬቲናው በአራት ይከፈላል። በአራቱም ክፍሎች በእያንዳንዳቸው ከ20 በላይ የደም ጠብታ ካለ፣ ወይም በሁለት ክፍሎች የደም መላሽ ሥሮች እንደ መቁጠሪያ ዶቃ እየጠበቡና እየሰፉ ከሄዱ፣ ወይም በአንድ ክፍል እንኳ ሬቲናው ውስጥ የተጠማዘዙ ያልተለመዱ ቀጫጭን ሥሮች በግልጽ ከታዩ ደረጃው «ከባድ» ይሆናል። ከሦስቱ አንዱ ይበቃል። እዚህ ደረጃ የደረሱ ዓይኖች ካልታከሙ ግማሽ ያህሉ በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ መጨረሻው ደረጃ ይሸጋገራሉ። ክትትሉም ቢበዛ በየሦስት ወሩ የሚሆነው ለዚህ ነው።

በመጨረሻው ደረጃ የሚታዩት አዳዲስ የደም ሥሮች ናቸው። ደም የማይደርሰው የሬቲና ክፍል ኦክስጅን ሲያጣ አዲስ ሥር እንዲበቅል የሚያዝዝ ኬሚካል ይለቃል። የሚበቅሉት ሥሮች ግን ደካሞች ናቸው። በፎቶው ላይ እንደ ተተበተበ ቀጭን ክር ሆነው፣ በዓይን ነርቩ ራስ ላይ ወይም በሌላ ቦታ፣ ነባሮቹን ሥሮች እየተሻገሩ ይታያሉ። በቀላሉ ስለሚበጠሱ ዓይኑን በድንገት በደም ሊሞሉት፣ ጠባሳ ሲያወጡም ሬቲናውን ጎትተው ሊያላቅቁት ይችላሉ። አንዲት ትንሽ የአዲስ ሥር ጥቅል ከታየች ሌላው ሁሉ አይቆጠርም፤ ደረጃው የመጨረሻው ነው።

ቢጫ ምልክቶቹ የሚመልሱት ሌላ ጥያቄ ነው። ከሚያፈስሱት ሥሮች የወጣው ፈሳሽ ሲመጠጥ ስብና ፕሮቲኑ ይቀራል። ይህ ዳሩ ጥርት ያለ፣ ሰም የመሰለ ቢጫ ጠብታ ሆኖ ይታያል፤ ብዙ ጊዜም ቀለበት ይሠራል። እዚህ ላይ ዋናው ነገር ብዛቱ ሳይሆን ቦታው ነው። ከማኩላ ርቆ ያለ ብዙ ቢጫ፣ ማኩላው አጠገብ ካለ ጥቂት ቢጫ ያነሰ ያሳስባል። ስለዚህ የማኩላ ውጤት ከደረጃው ተለይቶ ይጻፋል። ጥጥ የመሰሉና ዳራቸው የሳሳ ነጭ ቦታዎች ግን ከቢጫው የተለዩ ናቸው፤ ደም የተቋረጠበትን ቦታ ያመለክታሉ።

አሁን አንድ ምሳሌ እንሥራ። ስኳር ከተገኘባቸው 11 ዓመት የሆናቸው አንድ የ54 ዓመት እናት አሉ እንበል። የማየት ችሎታ መለኪያውን ሰንጠረዥ በሁለቱም ዓይናቸው እስከ ታች ያነባሉ። የግራ ዓይናቸው ፎቶ በደም ጠብታ የተረጨ ይመስላል። ሲቆጠር በአራቱ ክፍሎች 24፣ 26፣ 12 እና 9 ጠብታ ተገኘ። ዶቃ የመሰለ ሥር ያለው በአንድ ክፍል ብቻ ነው፤ የተጠማዘዙ ቀጫጭን ሥሮችም አልታዩም። ሲያዩት ያስፈራል፤ ነገር ግን በአራቱም ክፍሎች ከ20 ስላላለፈና ዶቃውም ሁለት ክፍል ስላልሞላ ደረጃው «መካከለኛ» ነው። ሆኖም ከማኩላው ጥግ የቢጫ ቀለበት አለ። ስለዚህ «መካከለኛ» የሚለው ቃል ብቻውን አያረጋጋም። ፎቶ ዝርግ በመሆኑ የማኩላውን ውፍረት አያሳይምና ውፍረቱን በሚለካው ኦሲቲ በተባለው መሣሪያ መታየት አለባቸው።

የቀኝ ዓይናቸው ንጹሕ ይመስላል፤ በጠቅላላው ያለው 8 ጠብታ ብቻ ነው። ነገር ግን የነርቩ ራስ ላይ ጎላ አድርገው ሲያዩት ነባሩን ሥር የተሻገረ ቀጭን የክር ጥቅል አለ። የከፋው ዓይን ይህ ነው። በሳምንታት ውስጥ ሌዘር ወይም ዓይን ውስጥ የሚሰጥ መርፌ ሊያስፈልጋቸው ይችላል። እሳቸው ግን ምንም አልተሰማቸውም። «ደህና አያለሁ» የሚለው መልስ ፎቶውን የማይተካው ለዚህ ነው።

ፎቶውም ቢሆን ሊያሳስት ይችላል። ሌንሱ ላይ ያረፈ አቧራ ነጥብ ይመስላል፤ የሚለየውም በሁለቱም ዓይኖች ፎቶ ላይ አንድ ቦታ ላይ በመገኘቱ ነው። የዓይን ሞራ ያለበት ወይም ብሌኑ የጠበበ ሰው ፎቶ ይደበዝዛል። ቀጫጭኖቹ ሥሮች በማይለዩበት ፎቶ ላይ ትክክለኛው መልስ «ሊነበብ አይችልም» እንጂ «ምንም የለም» አይደለም። ያኔ ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ተደርጎ ፎቶው ይደገማል፣ ወይም የዓይን ሐኪም በቀጥታ ያያል። አንድ ፎቶ የሬቲናን መሃል እንጂ ዳር ዳሩን ሁሉ እንደማይሸፍንም ማስታወስ ያስፈልጋል።

ስለዚህ በሚቀጥለው ቀጠሮ ወረቀቱን ስትቀበሉ አራት ነገር ጠይቁ። የእያንዳንዱ ዓይን ደረጃ ለየብቻው ስንት ነው? ማኩላው አጠገብ ቢጫ አለ? ፎቶው በደንብ የሚነበብ ነበር? የሚቀጥለው ምርመራስ መቼ ነው? ፎቶውን ራሱን በስልካችሁ ወይም በፍላሽ ብትወስዱ ደግሞ የዛሬ ዓመት የሚነሳው ከዚህኛው ጋር ጎን ለጎን ይታያል።